ኳስ ሲከለከል ምን እንጫወት?

እኔ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባልና የ7ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ዛሬ የምጽፍላችሁ በእረፍት ሰዓት ብዙ ልጅ በአንድ ግቢ ውስጥ ሆኖ፣ ምንም ነገር ሳይገዛ፣ ማንም ሳይጎዳና ማንም ግድግዳ ሳይደገፍ እንዴት መጫወት እንደሚችል ነው። ይህን የምጽፈው ዝም ብዬ አይደለም። ምክንያቱን መጀመሪያ ልናገር።

ባለፈው ወር ከዝናብ በኋላ በእረፍት ሰዓት ኳስ እንጫወት ነበር። ሜዳው ቀይ አፈር ስለሆነ ሲረጥብ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። እኔ ኳሷን ተከትዬ ስሮጥ አንድ የ2ኛ ክፍል ልጅ ከቧንቧው ውሃ ጠጥቶ ሲመለስ ፊቴ ድቅን አለ። ማቆም አልቻልኩም። ሁለታችንም ወደቅን። እኔ ጉልበቴ ብቻ ጭቃ ሆነ፣ እሱ ግን ከንፈሩ ደማ። ተረኛው ቲቸር መጥተው ልጁን አነሱት፣ ኳሷን ወሰዱ፣ በማግስቱም በሰልፍ ላይ «ከዛሬ ጀምሮ በእረፍት ሰዓት ኳስም ሩጫም የለም» ተባለ። ስለዚህ ነገሩ በከፊል የኔ ጥፋት ነው።

ቤት ስደርስ ለትንሿ እህቴ ነገርኳት። እሷም 2ኛ ክፍል ናት። ታዝንልኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን «ለእኛ ምን ተለወጠ? ድሮም እናንተ ስትጫወቱ እኛ ግድግዳ ነው ያለን» አለችኝ። ይህ ነገር አላስተኛኝም። በማግስቱ ለክበባችን ተጠሪ መምህርት ነገርኳቸውና «በዜግነት ትምህርት ልጆች የመጫወት መብት አላቸው ብለን ተምረን የለ?» አልኳቸው። በእርግጥም የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1989 ሲጸድቅ፣ አንቀጽ 31 የልጆችን የእረፍትና የጨዋታ መብት ይዟል። ኢትዮጵያም ተቀብላዋለች። መምህርቷ ግን ፈገግ ብለው «መብቱስ ለትንንሾቹም እኮ ነው። አንተ ስትጫወት እነሱ የት ነበሩ?» አሉኝ። ከዚያ «እቅድ ይዛችሁ ኑ፣ ለአንድ ሳምንት እንዲፈቀድላችሁ እጠይቃለሁ» አሉን። እኛም የሚከተለውን ሠራን።

መጀመሪያ ቆጠርን

ከክልከላው በፊት እረፍት ምን ይመስል እንደነበር ለማስታወስ ሞከርን። የእረፍቱ ጊዜ 20 ደቂቃ ነው። አንድ ኳስ ሜዳውን በሙሉ ትይዛለች። ኳሷን የሚጫወቱት ግን 15 ወይም 16 ልጆች ናቸው፣ እነሱም ትልልቆቹ ወንዶች። ሴቶቹ በአንድ ጥግ አንድ ሰኞ ማክሰኞ ሠርተው 10 ሆነው ይሰለፋሉ። የቀረው ልጅ ግድግዳ ይደገፋል።

ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባን። አንድ ጨዋታ ጥሩ መሆኑን የሚያሳየው የሚጫወቱት ልጆች ጩኸት አይደለም። ማየት ያለብን የቆመውን ልጅ ነው። እረፍቱ ሲጋመስ፣ ማለትም በ10ኛው ደቂቃ ላይ፣ ዙሪያውን አይቶ ስንት ልጅ ቆሟል ብሎ መቁጠር በቂ ነው። ብዙ ልጅ ከቆመ ወይ ሰልፉ ረዝሟል፣ ወይ ጨዋታው ልጆችን ቶሎ ያስወጣል፣ ወይ ቦታውን አንድ ቡድን ይዞታል። ከእነዚህ ከሦስቱ ሌላ ምክንያት እኛ አላገኘንም።

ስለዚህ አዲስ ጨዋታ አልፈጠርንም። ሁላችንም የምናውቃቸውን አራት ጨዋታዎች ወስደን፣ ልጅ የሚያስቆመውን ሕጋቸውን ብቻ ቀየርን። ጨዋታዎቹ ሰኞ ማክሰኞ፣ መሀረቤን ያያችሁ፣ ሌባና ፖሊስ እና ፔፕሲ ናቸው።

ሰኞ ማክሰኞ፦ ሰልፉን ማሳጠር

ሰኞ ማክሰኞን የማያውቅ የለም። መሬት ላይ ሳጥኖች ይሠራሉ፣ ጠጠር ይወረወራል፣ ጠጠሩ ያለበት ሳጥን ሳይረገጥ በአንድ እግር እየዘለሉ ሄደው ይመለሳሉ። መስመር የረገጠ ወይም ጠጠሩ ከሳጥኑ የወጣበት ተራውን ይለቃል።

ችግሩ በአንድ ጊዜ የሚጫወተው አንድ ልጅ ብቻ መሆኑ ነው። እስቲ እናስላ። የአንድ ልጅ ተራ አንድ ደቂቃ ያህል ይፈጃል። 10 ልጅ ከተሰለፈ በ20 ደቂቃ ውስጥ ለአንዱ የሚደርሰው 2 ተራ ነው፣ ማለትም 2 ደቂቃ ዘሎ 18 ደቂቃ ይቆማል። በአንድ ሰኞ ማክሰኞ 4 ልጅ ብቻ ቢሆን ግን ለእያንዳንዱ 5 ተራ ይደርሰዋል። መሬቱ በነፃ ነው፣ መስመሩም በእንጨት ይጫራል። ታዲያ ለምን አንድ ብቻ እንሠራለን? ስለዚህ ሕጋችን «አምስተኛ ልጅ ሲመጣ አዲስ ይሠራል» የሚል ሆነ።

ሌላው የሳጥኑ ስፋት ነው። ለእኛ ለትልልቆቹ አንዱ ሳጥን ሁለት ጫማ ያህል ቢሆን ይበቃል። ለ2ኛ ክፍል ልጆች ግን ያ ሰፊ ነው፣ አንዱን ሳጥን ዘለው ማለፍ ስለማይችሉ በመጀመሪያው ተራ ይወድቃሉ። ለእነሱ አንድ ጫማ ተኩል አደረግነው። በራሳቸው ጫማ ቢለካ ደግሞ ከሁሉም ይሻላል፤ እግሩ ትንሽ የሆነ ልጅ ሳጥኑም ትንሽ ይሆንለታል።

መስመሩን በምን እንደምንሠራ ብዙ ሞክረናል። አንዱ ልጅ ከቡና መፈልፈያ የቡና ገለባ በፌስታል አምጥቶ ነበር፣ ግን ቀለሙ ከአፈራችን ጋር ተመሳስሎ ጭራሽ አይታይም። አመድ በደንብ ይታያል፣ ግን ንፋስና ዝናብ ይወስደዋል። በመጨረሻ የተሻለው በእንጨት መጫር ሆነ። ይህ አንድ ተጨማሪ ጥቅም አለው። «ረግጠሻል!» «አልረገጥኩም!» የሚለው ጭቅጭቅ ሲነሳ መስመሩን ማየት ነው። የተጫረ መስመር ከተረገጠ ይደፈናል። መሬቱ ራሱ ይመሰክራል። ጠጠሩ ደግሞ ጠፍጣፋ ይሁን፣ ክብ ከሆነ ይንከባለላል። የጠርሙስ ስባሪ ግን በፍጹም አይሆንም።

መሀረቤን ያያችሁ፦ ክቡን ማሳነስ

ይህን ጨዋታ የሚያውቁት ትንንሾቹ ከእኛ በተሻለ ነው። ልጆች ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። አንዱ መሀረብ ይዞ ከኋላቸው እየዞረ ሳይታይ ከአንዱ ኋላ ይጥላል። የተጣለበት ልጅ ካወቀ መሀረቡን አንስቶ ያሳድደዋል። ጣዩ ሳይያዝ ዞሮ ባዶው ቦታ ላይ ከተቀመጠ አመለጠ፣ መሀረቡ የተጣለበት ልጅ ደግሞ በተራው ይዞራል። መሀረብ ከሌለ የተቋጠረ ጨርቅ ወይም ቅጠል ይሆናል።

በመጀመሪያው ቀን 30 ልጅ በአንድ ክብ አስቀመጥን። ሲያዩት ያምራል፣ ግን አልሠራም። በአንድ ጊዜ የሚሮጡት 2 ብቻ ስለሆኑ 28 ልጅ ቁጭ ብሏል። ደግሞ ክቡ ስለሰፋ ትንንሾቹ ግማሹን ሳይዞሩ ደከማቸው። ከኋላ ያለው ልጅ የማይደርስበት ስለሆነ ማሳደዱም ቀረ። በሁለተኛው ቀን በ10 በ10 ከፈልናቸው። ያኔ ሦስት ክብ ስለሆነ 6 ልጅ በአንዴ ይሮጣል፣ አንዱ ዙርም ወደ 10 ትልቅ እርምጃ ያህል ነው። አንድ ጨዋታ ከመጣል እስከ መቀመጥ ግማሽ ደቂቃ አይሞላም። ስለዚህ በአንድ እረፍት እያንዳንዱ ልጅ ብዙ ጊዜ ይደርሰዋል።

ይደርሰዋል ያልኩት ግን ጓደኛ ለጓደኛ ካልጣለ ነው። እህቴ የነገረችኝ ትልቁ ችግር ይሄ ነበር። ሦስት ጓደኛሞች መሀረቡን እርስ በርስ ብቻ ይጣጣላሉ፣ ሌላው «ለኔ መቼ ይጣልልኛል» ብሎ ደወል ይደወላል። መፍትሔውን ያመጣችው ራሷ ናት። አንዴ የሮጠ ልጅ ሲቀመጥ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። እጁን ላጣጠፈ ልጅ መሀረብ አይጣልም። ሁሉም ሲያጣጥፍ እንደገና ሁሉም ይፈታና ከመጀመሪያ ይጀመራል። አንድ ልጅ ተረስቶ እንደሆነ ከሩቅ ያለ መምህርም በእጁ ያውቀዋል።

መሬቱ ጭቃ ሲሆን ቁጭ አይባልም፣ ቤት ስንገባ እናቶቻችን ዩኒፎርሙን አይተው የሚሉትን እናውቃለን። ያኔ ቁጢጥ ይባላል ወይም ቆመው ይጫወታሉ። ሲቆም ግን ዞሮ ማየት ስለሚቀል «ወደ ኋላ ያየ ይዞራል» የሚል ሕግ ጨምረናል።

ሌባና ፖሊስ፦ እስረኛው እንዳይሰለች

ይህ ለብዙ ልጅ የሚሆን ጨዋታ ነው። ፖሊሶች ሌቦችን ያሳድዳሉ፣ የተያዘ እስር ቤት ይገባል። የእኛ እስር ቤት የባንዲራው መስቀያ አጠገብ ያለው ዛፍ ነው። ያልተያዘ ሌባ ሮጦ እስረኛውን በእጁ ከነካው ያስፈታዋል።

መጀመሪያ ቡድን መክፈል አለ። ሁለት አለቆች ቆመው «እሱን እፈልጋለሁ፣ እሷን እፈልጋለሁ» ሲሉ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ የሚቀረው አንድ ልጅ ነው። ያ ልጅ ማን እንደሆነ ሁሉም ክፍል ያውቃል። ስለዚህ በድሮው መንገድ እንከፍላለን። በቁመትና በሩጫ የሚመጣጠኑ ሁለት ሁለት ልጆች ራቅ ብለው በሹክሹክታ ስም ያወጣሉ፣ ከዚያ መጥተው አለቃውን «ቡና ወይስ ሻይ?» ብለው ይጠይቃሉ። አለቃው «ቡና» ካለ ቡና የተባለው የእሱ ይሆናል፣ ሻይ ወደ ሌላው ይሄዳል። አለቃው ማንን እንደመረጠ አያውቅም፣ ጥንዶቹም እኩል ስለሆኑ ቡድኑ አይበላለጥም። ጊዜ ከሌለ ደግሞ ተሰልፈን «ቶኮ፣ ለማ፣ ቶኮ፣ ለማ» ብለን በኦሮምኛ እንቆጥራለን፣ ቶኮዎች በአንድ ወገን፣ ለማዎች በሌላ ወገን ይሆናሉ። ይህ ፈጣን ነው፣ ግን ጓደኛሞች ቁጥሩን አስልተው ቦታ ስለሚቀያየሩ አንድ ሰው ማየት አለበት።

የፖሊስና የሌባ ቁጥር እኩል መሆን የለበትም። እኩል አድርገን ስንጀምር ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ሁሉም ሌባ ታሰረና ጨዋታው አለቀ። 2 ፖሊስ ብቻ ስናደርግ ደግሞ ማንም አይያዝም፣ ፖሊሶቹም ተናደው ተዉት። በመጨረሻ ለ20 ልጅ 5 ፖሊስና 15 ሌባ ጥሩ ሆነ፣ ማለትም ከአራት ልጅ አንዱ ፖሊስ ነው። ይህንን ሳይቆጥሩም ማወቅ ይቻላል። ጥቂት ደቂቃ ተጫውታችሁ እስር ቤቱን እዩ። ባዶ ከሆነ አንድ ፖሊስ ጨምሩ፣ ሞልቶ የሚፈታ ከጠፋ አንድ ቀንሱ።

ዋናው የሚበላሽበት ቦታ ግን እስር ቤቱ በር ላይ ነው። አንድ ጎበዝ ፖሊስ እስረኞቹ አጠገብ ተገትሮ ከቆመ ማንም ማስፈታት አይችልም። ያን ጊዜ እስረኞቹ ዛፉን ተደግፈው ቀሩ ማለት ነው፣ ከግድግዳው ወደ ዛፉ ሄዱ እንጂ ምንም አልተለወጠም። ስለዚህ ከዛፉ 5 እርምጃ ርቀት ላይ ክብ መስመር ጫርን። ፖሊስ እስረኛ ሲያስገባ ካልሆነ በቀር ክቡ ውስጥ አይገባም። ይህችን መስመር ከጨመርን በኋላ እስረኛ የሚፈታበት ጊዜ በዛ፣ ማስፈታት የሚወዱ ልጆችም ተገኙ። አንድ የክፍላችን ልጅ ሩጫ ላይ ደካማ ነበር፣ ግን ሰው ሳያየው ከኋላ ተጠግቶ በማስፈታት ከሁላችን በለጠ።

ሁላችንም አንድ ዓይነት ዩኒፎርም ስለምንለብስ ፖሊስ ማን እንደሆነ ለመለየት ፖሊሶች ሹራባቸውን ወገባቸው ላይ ያስራሉ። መያዝ ማለትም ጀርባን ወይም ክንድን በመዳፍ መንካት ነው። ሹራብ መጎተት፣ መግፋትና መጥለፍ ካለ ያ ፖሊስ ሌባ ይሆናል። በእረፍቱ አጋማሽ ፖሊሶቹ ይቀየራሉ።

ፔፕሲ፦ ደካማው ቶሎ እንዳይወጣ

ፔፕሲ በካልሲ ኳስ የሚደረግ ጨዋታ ነው፣ ሕጉ ከሰፈር ሰፈር ይለያያል። በእኛ ግቢ ሁለት ወርዋሪዎች 12 እርምጃ ያህል ተራርቀው ይቆማሉ፣ ሌሎቹ መሀል ሆነው ከኳሷ ይሸሻሉ። የተመታ ይወጣል። ኳሷን ሳታርፍ በአየር ላይ የቀለበ አንድ ነፍስ ያገኛል፣ ማለትም አንዴ ቢመታም አይወጣም።

እዚህ ላይ ችግሩ ሁላችንም የምናውቀው ግን ያላሰብነው ነው። መጀመሪያ የሚመታው ማን ነው? በጣም ቀርፋፋው ወይም ትንሹ ልጅ። እሱ ከወጣ በኋላ ሌሎቹ እስኪያልቁ ድረስ ቁጭ ብሎ ያያል። ልምምድ ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው ልጅ ከሁሉም ያነሰ ይጫወታል ማለት ነው። በማግስቱም ያው ልጅ መጀመሪያ ይወጣል፣ ከዚያ «አልጫወትም» ይላል፣ እኛም «እሱ ጨዋታ አይወድም» እንላለን።

ስለዚህ አንድ ሕግ ብቻ ቀየርን። የተመታ ልጅ አይወጣም፣ ወርዋሪ ይሆናል። ወደፈለገው ጫፍ ሄዶ ከወርዋሪዎቹ ጋር ይቀላቀላል። ወርዋሪው በበዛ ቁጥር መሀል ላሉት እየከበደ ስለሚሄድ ጨዋታው ቶሎ ያልቃል፣ የመጨረሻው ልጅ ያሸንፋል፣ ወዲያው እንደገና ይጀመራል። 12 ልጅ ለዚህ ጥሩ ነው። ከዚያ ከበዛ መሀል ያሉት እርስ በርስ ይጋጫሉ፣ ያኔ ሌላ ሜዳ መክፈት ነው።

ኳሷ እንዲህ ትሠራለች። ሁለት ሦስት አሮጌ ፌስታል መሀሉ ላይ ይጨመቃል፣ ይህ ቀላል ያደርጋታል። በላዩ ላይ ቁራጭ ጨርቅ ጠበቅ ተደርጎ እየተዟዟረ ይጠቀለላል። ብርቱካን ሲያክል የአሮጌ ካልሲ ጫፍ ውስጥ ይከተታል፣ አንገቱ ይጠመዘዛል፣ የተረፈው ካልሲ እንደገና ወደ ኋላ ተገልብጦ ይለብሳል። ካልሲው እስኪያልቅ እንዲሁ ይደረግና መጨረሻው በመርፌ ይሰፋል። ጨርቁ ላልቶ ከተጠቀለለ በሁለት ቀን ትፈርሳለች። ድንጋይ መሀል የሚከት ልጅ አለ፣ «እንድትከብድ» ይላል፣ ይህ ክልክል ነው። ስለዚህ ከጨዋታ በፊት ሁሌ እንፈትናታለን። ኳሷን ያመጣው ልጅ ከራሱ ትከሻ ላይ የራሱ እግር ላይ ይጥላታል። ካመመችው አንጫወትባትም። ውሃ ከጠጣችም ትከብዳለች፣ እስክትደርቅ መተው ነው። ከወገብ በላይ መምታትም አይቆጠርም።

የኔን ጥፋት ደግሞ ልንገራችሁ። የመጀመሪያዋ ኳሳችን ዝናብ መትቷት ቤት ወስጄ ምድጃ አጠገብ አሰጣኋት። ውስጧ ፌስታል እንዳለ ረስቼው ነበር። ፌስታሉ ቀልጦ ኳሷ በአንድ በኩል እንደ ድንጋይ ደረቀች፣ ቤቱም ሸተተ። እናቴ ምን እንዳለችኝ አልጽፍም። ኳስ የሚደርቀው በፀሐይ ወይም በንፋስ ነው።

የረቡዕ እረፍት

አሁን ሁሉም አንድ ላይ ሲሆን እንዴት እንደሠራ ልናገር። በሙከራው ሳምንት ረቡዕ ቀን ከ2ኛና ከ7ኛ ክፍል 60 ልጅ ይዘን ወጣን። ከቧንቧው እስከ ክፍሎቹ በር ያለውን መንገድ በአመድ መስመር ለይተን «እዚህ አይሮጥም» አልን። ያን ልጅ የጣልኩት እዚያ መንገድ ላይ ስለነበር መስመሩን ያሰመርኩት እኔ ነኝ። ከዛፉ በኩል 20 ልጅ ሌባና ፖሊስ፣ ከአጥሩ በኩል 12 ልጅ ፔፕሲ፣ ከክፍሎቹ ፊት ለፊት 20 ልጅ በሁለት ክብ መሀረቤን ያያችሁ፣ በጥጉ 8 ልጅ በሁለት ሰኞ ማክሰኞ። ድምሩ 60 ነው።

በ10ኛው ደቂቃ ላይ ቆጠርን። ቆመው ያገኘናቸው 9 ነበሩ። ከዘጠኙ ሦስቱ እስር ቤት ስለነበሩ እንደቆመ አንቆጥራቸውም፣ ወዲያው ተፈተዋል። አራቱ ሰኞ ማክሰኞ ተራ የሚጠብቁ ናቸው። ሁለቱ ግን ከምር የቆሙ ነበሩ። አንዷ እግሯን አሟት እንደሆነ ነገረችን፣ በመሀረቡ ክብ ማን እጁን እንዳጣጠፈ የምትቆጣጠር ዳኛ ሆነች። አንዱ ደግሞ መጫወት አልፈለገም፣ ማየት ነው የምፈልገው አለ። እሱን ተውነው። የማይፈልግን ልጅ ማስገደድም ጨዋታ አይደለም።

ያልተሳካም አለ። አርብ ዕለት ከባድ ዝናብ ዘንቦ ስለነበር ሜዳው በሙሉ አንሸራተተ። በዚያ ቀን ሌባና ፖሊስ ልንጫወት ሞክረን ሁለት ልጆች ስለወደቁ ራሳችን አስቆምነው። ከዚያ በኋላ አንድ መለኪያ አበጀን። ሜዳው ላይ ተረከዛችንን ተጭነን እናሽከረክራለን። አፈሩ ጫማ ላይ ተጣብቆ ከተነሳ በዚያ ቀን የሩጫ ጨዋታ የለም፣ ደረቅ በሆነው በክፍሎቹ በረንዳ ስር ሰኞ ማክሰኞ በከሰል እንሠራለን። ለዚህ ግን በረንዳው ላይ መጻፍ እንዲፈቀድልን እንለምናለን፣ ከሰሉን ራሳችን እናጥባለን። ለጋሼ ጥበቃችንም ቃል ገብተናል።

ሳምንቱ ሲያልቅ ተረኛው ቲቸር መጥተው አዩ። የሩጫ ጨዋታው መስመሩ እስካለ ድረስ ተፈቀደ። ኳስ ግን ገና አልተፈቀደም። እውነቱን ለመናገር ኳስ እኔ በጣም ነው የምወደው፣ ትናፍቀኛለች። ጓደኞቼም «አንተ ነህ ያስከለከልከን» ይሉኛል። ለቲቸሮቻችን የምናቀርበው ሐሳብ በሳምንት ሁለት ቀን፣ መሬቱ ሲደርቅ፣ በሜዳው ግማሽ ላይ ብቻ ኳስ እንዲፈቀድልን ነው። ሌላው ግማሽ ለአራቱ ጨዋታዎች ይሁን።

ከንፈሩ የደማው ልጅ አሁን ድኗል። ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። ረቡዕ ዕለት ሌባና ፖሊስ ሲጫወት እኔ ፖሊስ ነበርኩ፣ እሱ ሌባ። ሦስት ጊዜ አሳድጄው አልያዝኩትም። ኋላ እስር ቤት ስጠብቅ ከጀርባዬ መጥቶ እስረኞቼን በሙሉ አስፈታብኝ።

ከእናንተ መካከል ሌላ ጨዋታ የምታውቁ፣ ወይም ከአያቶቻችሁ የሰማችሁት ካለ፣ ሕጉን ጽፋችሁ ለሚኒ ሚዲያ ክበብ ስጡን። ስትጽፉ ግን ሁለት ነገር አትርሱ፦ ለስንት ልጅ እንደሚሆንና የተሸነፈው ልጅ ምን እንደሚሠራ። በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!